አንድ ፎቶ፣ ሁለት ዋጋ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ የትኛው ጉዞ ይሻላል?

አክስቴ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው። መስከረም 20 ማታ ደወሉልኝና «የማኅበራችን ሰዎች በጥቅምት ባሕር ዳር ደርሰን እንምጣ ተባብለናል። ልጆቹ ከቴሌግራም ሁለት ማስታወቂያ አምጥተውልናል። አንዱ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ይላል፣ ሌላው አሥራ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ፎቷቸው ግን አንድ ነው። ምን ቢኖረው ነው አራት ሺህ ብር የምንጨምረው?» አሉኝ።

እኔን የጠየቁት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ነው። ከፎቶው ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በዚያች አጭር ቦታ ምን እንደሚጻፍና ምን ሳይጻፍ እንደሚታለፍ አውቃለሁ። ሁለቱን ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለአክስቴ የነገርኳቸውን እዚህ ላስፍረው፤ በዚህ ወቅት እንደሳቸው የሚያመነታ ብዙ ሰው አለ። የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ። ብሩንም ለሒሳብ እንዲመች አጠጋግቼዋለሁና የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዙት።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ጎጃምን በ3 ቀን! የጣና ገዳማት (ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ)፣ ጢስ ዓባይ፣ ዘንገና ሐይቅ፣ ግሽ ዓባይ፣ የጮቄ ተራራ። መነሻ አዲስ አበባ፤ በመንገድ ላይ ያላችሁትን እየጫንን እንሄዳለን። ዋጋ በሰው ከ9,800 ብር ጀምሮ። ትራንስፖርት፣ ማረፊያ፣ ቁርስ፣ ጀልባና አስጎብኚ ያካትታል። ጉዞው በጥቅምት አጋማሽ። ክፍያ እስከ 5/10 ብቻ! ቀድሞ የከፈለ ቦታውን ይይዛል።»

ሁለተኛው ረዘም ይላል፦

«ባሕር ዳር፣ ዘጌና ጢስ ዓባይ፤ 3 ቀን 2 ሌሊት። አርብ ጥቅምት 14 ከንጋቱ 12 ሰዓት ከደብረ ማርቆስ ተነስተን እሑድ ጥቅምት 16 ማታ ደብረ ማርቆስ እንመለሳለን። ቀን 1፦ ዘንገና ሐይቅ ዳር ዕረፍት፣ ምሳ፣ ከሰዓት ባሕር ዳር። ቀን 2፦ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፤ ከሰዓት ዕረፍት። ቀን 3፦ ጠዋት ጢስ ዓባይ፤ ከምሳ በኋላ ጉዞ። ዋጋ በሰው 13,900 ብር፣ ቫትን ጨምሮ፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል። ያካትታል፦ መኪና፣ 2 ሌሊት ማረፊያ፣ 2 ቁርስ፣ 3 ምሳ (የጾም አለ)፣ የዘጌ ጀልባ፣ የገዳማትና የጢስ ዓባይ መግቢያ፣ የአካባቢ አስጎብኚ፣ ጢስ ዓባይ ላይ የሚያሻግረው ጀልባ። አያካትትም፦ እራት፣ መጠጥ፣ ጉርሻ። ቀብድ 40 በመቶ እስከ ጥቅምት 3 ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ቀሪው እስከ ጥቅምት 10። ቢያንስ 8 ሰው ሲሞላ እንነሳለን፤ ካልሞላ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።»

የሁለቱም ፎቶ ጢስ ዓባይ ነው። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ገደሉን ሸፍኖ ይወርዳል፤ ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ጉሙ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ከፊት ያለው ሣር ለምለም ነው። ይህ የክረምት መውጫ ፎቶ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ማየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄድና በሚያዝያ ገደሉ አብዛኛው ራቁቱን ይቀራል። ዝናብ ማቆሙ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከፏፏቴው በላይ የሚጠለፈው ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል፤ ሁለተኛውና ትልቁ የጢስ ዓባይ ማመንጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ሥራ ሲጀምር ፏፏቴው ላይ የሚቀረው ይበልጥ አነሰ። ያንኑ ፎቶ ለጥፎ በግንቦት ጉዞ የሚሸጥ ስለማይጠፋ ፎቶውን ከጉዞው ወር ጋር አስተያዩት። የአክስቴ ጉዞ በጥቅምት ስለሆነ ግን በዚህ በኩል ሁለቱም ማስታወቂያዎች አላጭበረበሩም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከቦታዎቹ ዝርዝር ነው። አክስቴም መጀመሪያ የተሳቡት በዚያ ነበር። «ያኛው አምስት ቦታ ያሳያል፣ ይኸኛው ሦስት» አሉኝ። እኔ ቦታ አልቆጠርኩም፤ ሰዓት ቆጠርኩላቸው።

የመጀመሪያው መኪና የሚነሳው ከአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሀል ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። መኪናው ንጋት ላይ ቢነሳ እንኳ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። አክስቴና ጓደኞቻቸው እስከዚያ መንገድ ዳር ሻንጣቸውን ይዘው ይጠብቃሉ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ለመድረስ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ይቀራል። መሽቶ ይገባሉ። ዘንገና እንጅባራ አጠገብ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ሐይቅ ስለሆነ መኪናው ለአሥር ደቂቃ ሊቆም ይችላል፤ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በሦስተኛው ቀን መኪናው አዲስ አበባ መግባት ስላለበት ከባሕር ዳር ሌሊት ይወጣል። እንግዲህ «3 ቀን» የተባለው ባሕር ዳር ላይ ሲታይ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጣናም ጢስ ዓባይም በዚያች አንድ ቀን ውስጥ መጨመቃቸው ነው።

ግሽ ዓባይና ጮቄስ? ግሽ ዓባይ ያለው ሰከላ ወረዳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ጠበሉን ሊጠጣ ወይም ሊጠመቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሳይበላ ነው የሚደርሰው፤ ለጥድፊያ የሚሆን ቦታ አይደለም። ጮቄ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ በሚወስደው በኩል ነው፤ የባሕር ዳሩ ዋና መንገድ አይነካውም። ስልክ ደውዬ «ጮቄን መቼ ነው የምትወጡት?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ በትሕትና ነው የመለሰልኝ፤ «በመንገድ ላይ ከሩቅ እናሳያለን» አለ። ግሽ ዓባይንም «ጊዜ ከተረፈ» አለ። እነዚህ ሁለት ስሞች ከዝርዝሩ ሲወጡ የቀሩት ከሁለተኛው ማስታወቂያ ጋር አንድ ናቸው።

እኛ ቢሮ ውስጥም ይህ ነገር ነበር። አለቃዬ «ስሙ ይኑር፣ ሰው በስሙ ነው የሚመጣ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እጽፍ ነበር። መኪናው ውስጥ «ግሽ ዓባይ መቼ ነው?» እያሉ የሚጠይቁ እናቶችን ያየሁ ጊዜ ነው መጻፍ የከበደኝ። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታነቡ እያንዳንዱ ቦታ ከየትኛው ቀንና ከየትኛው ክፍለ ቀን ጋር እንደተያያዘ ፈልጉ። ቀን ያልተሰጠው ቦታ ካለ ደውላችሁ «እዚያ ወርደን ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ብላችሁ ጠይቁ። «እናያለን» እና «እንወርዳለን» የተለያዩ ናቸው።

ቀጥሎ የክብራን ጉዳይ አለ። የአክስቴ ቡድን ስምንት ሰው ነው፤ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ነው። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ማንም የሚያማርርበት ነገር አይደለም። ነገር ግን ጉዞውን የሚሸጠው ሰው ሊጽፈው ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ስድስቱ እናቶች ወይ ጀልባ ላይ ይቀራሉ፣ ወይ አጠገቡ ባለችው በእንጦስ ኢየሱስ ደሴት ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ወንዶች ገብተው ይመለሳሉ። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኛኮ ለመሳለም ነው የምንሄድ» አሉኝ። ለሳቸው ልዩነቱ ከብሩ በፊት እዚህ ጋ አለቀ።

በሁለተኛው ጉዞ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሴትም ለወንድም ክፍት ናቸው። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጠዋት መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ጀልባው ይዘላል፤ ጀልባ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያውም መጨረሻውም ያ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ አይልም።

አንድ ነገር ግን ሁለተኛውም አልጻፈም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከወደቡ ላይ አይደለችም። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ሃያ ደቂቃ፣ እንደ አክስቴ ቀስ ለሚል ሠላሳ ደቂቃ መሄድ አለ። መንገዱ ጥላ ነው፤ ከግራ ከቀኝ ቡናና ጌሾ ነው፤ የእጅ ሥራ የሚሸጡ የአካባቢው ሰዎች ተቀምጠዋል። ግን ድንጋይ ይበዛዋል፣ ሥራሥር ይወጣበታል፤ ዝናብ በቅርቡ ከጣለ ያንሸራትታል። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ከዘራ ይያዙ፣ ነጠላ ጫማ አያድርጉ፤ ከደከመዎት አዝዋ ማርያም ትቀርባለች፣ እሷን ተሳልመው ያርፋሉ» አልኳቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ለዚያ ሲሉ የማይወጡት ዳገት የለም፤ ግን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። «ከ9,800 ብር ጀምሮ» የሚለው ውስጥ «ጀምሮ» የምትለው ቃል ብዙ ተሸክማለች። ደውዬ ሳጣራ 9,800 ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የሚያድሩ ከሆነ በሰው 900 ብር ይጨመራል። እናቶች ሦስት ሆነው አንድ ክፍል፣ ምናልባትም ሁለት አልጋ ላይ፣ አያድሩም። ስለዚህ 10,700 ሆነ። ቫት ገብቷል ወይ ብዬ ስጠይቅ «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ይጨመራል» አለኝ። የማኅበር ገንዘብ ነው፤ ያለ ደረሰኝ አይሆንም። 1,605 ብር ሲጨመር 12,305 ሆነ።

ከዚያ ምግብ። ማስታወቂያው ቁርስ ብቻ ይላል፤ ሦስት ምሳና ሁለት እራት በራስ ነው። ሰው በአንድ ማዕድ 350 ብር ቢያወጣ አምስቱ 1,750 ብር ነው፤ 14,055 ሆነ። «ጀልባ ያካትታል» ይላል እንጂ የገዳም መግቢያ አይልም። መግቢያው በየገዳሙ በር ለየብቻ የሚከፈል ነው። ጢስ ዓባይም የራሱ መግቢያና የራሱ የአካባቢ አስጎብኚ አለው፤ ከከተማ አብሮ የሚሄደው አስጎብኚ ያንን አይተካም። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገሪያም ሌላ ሒሳብ ነው። ይህን ሁሉ በ800 ብር ልያዘው፤ 14,855 ብር።

ሁለተኛው 13,900 ይላል። ቫት፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል፣ ሦስት ምሳ፣ መግቢያዎችና መሻገሪያው ገብተዋል። የጎደለው ሁለት እራት ነው፤ በዚያው በ350 ሒሳብ 700 ብር። 14,600 ብር ሆነ። ጉርሻና መጠጥ በሁለቱም የለም፣ እሱን ትተነዋል።

አራት ሺህ አንድ መቶ ብር ይርቃል የተባለው ሁለተኛው ጉዞ በሰው 255 ብር ቀንሶ ተገኘ። ለስምንቱ ሲሆን የመጀመሪያው 118,840፣ ሁለተኛው 116,800 ብር ነው። አክስቴ ይህን በስልክ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስተኛውን የልጃቸው ልጅ በወረቀት ጻፈችላቸው።

የጢስ ዓባዩን ጀልባ ነገር ትንሽ ላስረዳ፣ ሰው አይረዳውምና። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በፋሲል አባት በሱስንዮስ ዘመን በተሠራው በአላታ ድልድይ በኩል ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ዳገት መውጣት አለው፣ ለወጣት ደስ የሚል የእግር ጉዞ ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በሜዳው መሄድ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይኸኛው ነው የሚሻል። ውሃው በጣም ሲበዛ ጀልባው ላያሻግር ስለሚችል በዚያ ቀን ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ድርጅት «ጀልባው ካልሠራ በድልድዩ በኩል መሄድ ለማይችሉ የመሻገሪያውን ብር እንመልሳለን» ብሎ በጽሑፍ ልኮልናል። የመጀመሪያው የትኛውን መንገድ እንደሚጠቀም አልወሰነም።

ምሳው ላይ «የጾም አለ» ማለቱንም በቀላሉ አትለፉት። ጉዞው አርብ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከማኅበሩ እናቶች አብዛኞቹ ጽጌን ይጾማሉ። ሦስቱም ቀን የጾም ምግብ ካልተዘጋጀ የተከፈለበት ምሳ ለነሱ ምሳ አይሆንም።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚጎዳበት ግን የመጨረሻዋ መስመር ናት፣ የክፍያው ቀን። የመጀመሪያው «እስከ 5/10» ይላል። የአክስቴ ልጅ ጥቅምት 5 ብሎ አንብቦታል። እኔ ስደውል ኦክቶበር 5 ነው አሉኝ፤ ያ ደግሞ መስከረም 25 ነው። በአሥር ቀን ይለያያል። ጥቅምት 3 ላይ ብር ይዘው ቢሄዱ ቦታው ከተሸጠ ስምንት ቀን አልፎታል። አሥረኛው ወር በኛ አቆጣጠር ሰኔ ስለሆነ እንዲህ የተጻፈ ቀን በምንም በኩል ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ አይሆንም። የወሩ ስም በፊደል ያልተጻፈበትን ቀን አትመኑ፤ «በማን አቆጣጠር?» በሉ።

ሰዓትም ያው ነው። ይህን የምለው በእጄ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ከአውሮፕላን ትኬት ጋር የመጣ ወረቀት እያየሁ «መነሻ 6:00» ብዬ ለጠፍኩ። ማለት የፈለግሁት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። አንድ አዛውንት ባልና ሚስት በቀኑ 6 ሰዓት፣ ታጥበው ለብሰው፣ የዳቦ ቅርጫት ይዘው ቢሮ በር ላይ ደረሱ። መኪናው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ብራቸው ተመልሶላቸዋል፤ የሰውየው ፊት ግን እስካሁን አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ «ከንጋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚል ቃል ሳልጨምር ሰዓት ጽፌ አላውቅም። ሁለተኛው ማስታወቂያ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» እና «ከቀኑ 10 ሰዓት» ማለቱን ሳይ የጻፈው ሰው ከእንግዳ ጋር የዋለ ነው ብዬ ያመንኩት በዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ ብሩን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ መነሻ ቀኑን ግን አይናገርም፣ «በጥቅምት አጋማሽ» ብቻ። ለመክፈያው ቀን ያለው ለመነሻው ቀን የሌለው ጉዞ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ ጉዞ ነው። ይህ በራሱ ክፋት አይደለም፤ መኪና ሳይሞላ መሄድ ኪሳራ ነው፣ ሁሉም ወኪል ይህን ያሰላል። ሁለተኛውም ስምንት ሰው ካልሞላ አይሄድም፣ ግን ይህን ጽፎታል፤ ካልሞላ ቀብዱ እንደሚመለስም ጽፏል። ቀብዱ 5,560 ብር ነው፤ ለስምንቱ 44,480። ጥቅምት 3 ይህን ከፍለው፣ ጥቅምት 10 ቀሪውን ይጨርሳሉ፤ ጉዞው ጥቅምት 14 ነው። በመሀል ያለው አንድ ሳምንት አንድ ሰው ቢታመም ሌላ ለመተካት ይበቃል።

መንገድ ቢዘጋስ? በአካባቢያችን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ብር መላክ አይገባም፤ በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱም ማስታወቂያዎች ስለዚህ ምንም አላሉም። ጠየቅሁ። የመጀመሪያው «ወደ ሌላ ቀን እናዛውራለን» አለ፤ የሚዛወርበትን ቀን የሚመርጠው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። ሁለተኛው «መንገድ ከተዘጋ ወይ ብሩ ሙሉ ይመለሳል፣ ወይ እናንተ በምትመርጡት ቀን እንሄዳለን» አለ። «ይህንኑ በቴሌግራም ጻፉልን» አልኩ፤ ጻፉ። የስልክ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የመለሰላችሁ ልጅ በማግስቱ ሥራ ሊለቅ ይችላል።

የባንክ ሒሳቡን ስምም አየሁ። ሁለተኛው የላከው የድርጅቱን ስም የያዘ ሒሳብ ነው፣ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያው የግለሰብ ስም ያለበት ሒሳብ ላከ፤ «የሥራ አስኪያጁ ነው» አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ነገር ቢበላሽ አክስቴ ብሩን የሚጠይቁት ከድርጅት ሳይሆን ከአንድ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

እንዲህ ስል የመጀመሪያው ጉዞ ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በደርሶ መልስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መኪና በዚያው 9,800 ውስጥ ነው፤ ደብረ ማርቆስ የሚሳፈረው ሰው ግን ያልሄደበትን መንገድ ይከፍላል። ሦስት ጓደኛሞች ሆነው አንድ ክፍል የሚያድሩ፣ ምሳቸውን ሽሮ በልተው የሚያልፉ፣ ሌሊት መንገድ የማይከብዳቸው ወንድ ወጣቶች ክብራንንም ገብተው ያያሉ፤ ለነሱ ርካሽ ነው። ከመክፈላቸው በፊት መነሻ ቀኑን፣ የሒሳቡን ስምና መንገድ ቢዘጋ የሚሆነውን በጽሑፍ ይቀበሉ እንጂ ይግዙት።

ግሽ ዓባይን ወይም ጮቄን ለማየት የተነሳ ሰው ግን ሁለቱንም ይተው። ለግሽ ዓባይ ለብቻው አንድ ቀን የሰጠ ጉዞ ይፈልግ። ጮቄም ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርድ ልብስና የራሱ ቀን ይፈልጋል፤ ከደብረ ማርቆስ ቀርቦ ሳለ በባሕር ዳር ዞሮ የሚሸጥበት ምክንያት የለም።

ለአክስቴ ሁለተኛውን መረጥን። ከመክፈላቸው በፊት በልጃቸው ልጅ ስልክ አራት መስመር አስላክናቸው፦ «ስምንት ነን፤ አራት ክፍል። ሦስቱም ቀን የጾም ምሳ ለስድስት ሰው። አንድ እናት ጉልበት ያማቸዋል፣ የመኪናው የፊት ወንበር ይያዝላቸው። በጀልባው ላይ ለስምንታችንም የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን አረጋግጡልን።» በማግስቱ ሦስቱን እሺ አሉ። የፊት ወንበሩን ግን ሌላ ሰው ቀድሞ እንደያዘው ነገሩን፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን፣ በሩ አጠገብ የሆነውን ሰጧቸው። አክስቴም «ይሁን፣ መውረጃው ከቀረበ ይበቃኛል» ብለው መስከረም 29 ቀብዱን አስገቡ። ደረሰኙ ላይ የስምንቱም ስም፣ ጥቅምት 14ም ተጽፏል።